ያበጠውን የዓይን ቆብ መክፈት፦ ከሳይነስ ወደ ዓይን ጎድጓድ የሚሻገር የልጆች ኢንፌክሽንና በዳንግላና በእንጅባራ መካከል የሚሰጠው ውሳኔ

በአዊ ዞን ክረምቱ ሲገባ በጤና ጣቢያ ከሚታዩት ልጆች መካከል ብዙዎቹ የጉንፋን ታማሚዎች ናቸው። ከእነርሱ አልፎ አልፎ አንዱ፣ ጉንፋኑ ሳምንት ካለፈው በኋላ፣ አንድ ዓይኑ ቀልቶና አብጦ ይመጣል። ዓይኑ ቀይ ስለሆነ የቴትራሳይክሊን ቅባት ይሰጠዋል። ይህ ያለ ምክንያት የሚደረግ አይደለም። የአማራ ክልል ትራኮማ በስፋት የሚገኝበት ክልል ስለሆነ፣ የቀላ ዓይን ያየ ባለሙያ አስቀድሞ የሚያስበው የዓይኑን የውጭ ሽፋን ሕመም ነው፤ ቅባቱም ዘወትር ከእጁ አይጠፋም። ወላጆች ደግሞ ድንገት የመጣውን የፊት እብጠት «ምች መታው» ብለው ዳማ ከሴ ጨምቀው ቀብተውት ሊሆን ይችላል። ሁለቱም አካሄዶች እብጠቱን ከፊት ለፊት ብቻ ያዩታል። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ግን እብጠቱ ከኋላ የሚመጣበትን ሁኔታ ነው፤ ይኸውም በአፍንጫ ዙሪያ ባሉት ክፍተቶች የተነሣ ኢንፌክሽን አጥንት ተሻግሮ ወደ ዓይን ጎድጓድ ሲገባ የሚፈጠረውን ነው።

ሁለቱ ሕመሞች ከውጭ ሲታዩ መንታ ይመስላሉ። በሁለቱም ቆቡ ያብጣል፣ ይቀላል፣ ይሞቃል፤ በሁለቱም ልጁ ሊያተኩስ ይችላል። አንደኛው አብዛኛውን ጊዜ በሚዋጥ መድኃኒት ይድናል። ሁለተኛው ግን በሰዓታት ውስጥ ዕይታን ሊያጠፋ፣ ከዚያም አልፎ ወደ አንጎል ሊዘልቅ ይችላል። የጽሑፉ መከራከሪያ አንድ ነው፦ ሁለቱን ለመለየት የሚያስፈልገው ዋናው ሥራ ያበጠውን ቆብ ከፍቶ ከሥሩ ያለውን የዓይን ኳስ ማየት ነው። ይህ ደግሞ ያለ ሲቲ ስካን፣ በጤና ጣቢያ ደረጃ፣ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ሊከናወን የሚችል ነው።

ወረቀት የሚያህል ግድግዳ

በልጆች ላይ የሚደርሰው የዓይን ጎድጓድ ኢንፌክሽን አብዛኛውን ጊዜ ምንጩ ኢትሞይድ የሚባለው ሳይነስ ነው። ይህ ሳይነስ በአፍንጫ ሥርና በዓይን መካከል የተደረደሩ፣ የማር እንጀራ የሚመስሉ ትናንሽ ክፍሎች ስብስብ ሲሆን ልጅ ሲወለድ ጀምሮ ይገኛል። የግንባሩ ሳይነስ በአንጻሩ ጎልቶ የሚታየው ልጁ ስድስትና ሰባት ዓመት ከሞላው በኋላ ነው። ስለዚህ የሁለት ዓመት ሕፃን «ገና ሳይነስ የለውም» የሚለው አባባል ስሕተት ነው። ግንባሩ ላይ ባይኖረውም ከዓይኑ ጎን አለው።

ኢትሞይድን ከዓይን ጎድጓድ የሚለየው አጥንት ላሚና ፓፒራሲያ ይባላል፤ ስሙ በላቲን ወረቀት መሰል ሳንቃ እንደማለት ነው። ውፍረቱ ከግማሽ ሚሊሜትር ያንሳል። በዚያ ላይ ነርቮችና የደም ሥሮች የሚያልፉባቸው ቀዳዳዎች አሉት። ሳይነሱንና ጎድጓዱን የሚያገናኙት ደም መላሽ ሥሮች ደግሞ ደምን በሁለቱም አቅጣጫ ማሳለፍ ይችላሉ። በጉንፋን ምክንያት የሳይነሱ መውጫ ሲያብጥና ሲዘጋ ውስጡ የሚጠራቀመው ፈሳሽ ለባክቴሪያ ይመቻል፤ ኢንፌክሽኑም በእነዚህ መንገዶች ወደ ጎድጓዱ ይሻገራል። መግሉ መጀመሪያ የሚያርፈው ብዙውን ጊዜ በአጥንቱና አጥንቱን በሚሸፍነው ስስ ልባስ መካከል ነው። ልባሱ ከአጥንቱ በቀላሉ የሚላቀቅ በመሆኑ መግሉ እየገፋው ይሰፋል፤ የዓይን ኳሱንም ወደ ውጭና ወደ ጆሮ በኩል ይገፋዋል። ይህ አቅጣጫ በምርመራ ጊዜ የሚጠቅም ምልክት ስለሆነ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የዓይን ጎድጓድ በአራት ወገን በአጥንት የታጠረ፣ በፊት በኩል ብቻ የተከፈተ ሣጥን ነው። በፊት በኩልም ቢሆን ከጎድጓዱ ጠርዝ ተነሥቶ እስከ ቆቡ ውስጥ የሚዘረጋ ጠንካራ ስስ መጋረጃ አለ። ሴፕተም ይባላል። ለዚህ ሕመም ሁሉ ነገር የሚለካው ከዚህ መጋረጃ አንጻር ነው። ከመጋረጃው ፊት ያለው እብጠት ወደ ውጭ እንደ ልቡ ሊሰፋ ይችላል፤ ቆቡ እንደ ዕንቁላል ቢያብጥ እንኳ የዓይን ኳሱን የሚነካው የለም። ከመጋረጃው ኋላ ያለው እብጠት ግን የሚሰፋበት ቦታ የለውም። ስለዚህ ኳሱን ወደ ፊት ይገፋል፤ ኳሱ ከዚያ በላይ መውጣት ሲያቅተው ደግሞ በጎድጓዱ ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምርና የዕይታ ነርቩንና ወደ ሬቲና የሚሄደውን ደም ያፍናል። የሬቲና የደም ዝውውር ሙሉ በሙሉ ከተቋረጠ የማይመለስ ጉዳት ለመድረስ አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ ይበቃል። በመኪና ከዳንግላ ባሕር ዳር የሚያደርሰውን ጊዜ ከዚህ ጋር አስተያይቶ ማሰብ ይገባል።

ሦስቱ የማስጠንቀቂያ ምልክቶች ምን ይናገራሉ?

እብጠት፣ ሕመምና የዓይን መፍጠጥ በየመማሪያው አንድ ላይ ተደርድረው ይገኛሉ። ነገር ግን ክብደታቸው እኩል አይደለም፤ ይህ አለመገለጹ በተግባር ላይ ስሕተት ያስከትላል ብዬ አምናለሁ።

እብጠቱ ብቻውን የሚናገረው ጥቂት ነው። የነፍሳት ንክሻ፣ የቆብ ጠርዝ ብጉር፣ የእንባ ከረጢት ኢንፌክሽን፣ አለርጂ፣ ሁሉም ቆብን ያሳብጣሉ። ከእብጠቱ መጠን ይልቅ የሚጠቅመው ታሪኩ ነው፦ ከእብጠቱ በፊት ጉንፋን ነበረ ወይ? ከአፍንጫው ወፍራም ፈሳሽ እየወጣ ከዐሥር ቀን በላይ ቆይቷል ወይ? ወይስ ተሽሎት ከነበረ በኋላ እንደገና ባሰበት? በቆዳው ላይ ቁስል ወይም የንክሻ ምልክት የሌለው፣ በአንድ ዓይን ብቻ የታየ፣ ጉንፋንን ተከትሎ የመጣ እብጠት ከሳይነስ የመነጨ እንደሆነ መጠርጠር አለበት። ጠዋት ጠዋት ብቻ ቆቡ አብጦ ከሰዓት በኋላ የሚቀንስለት ልጅም ቢሆን የሳይነሱ ደም መላሽ መጨናነቅ መጀመሩን እያሳየ ሊሆን ይችላል።

ሕመሙ ከእብጠቱ የተሻለ ይናገራል፤ ነገር ግን በትክክል ከተጠየቀ ብቻ ነው። «ዓይንህን ያምሃል?» ተብሎ ሲጠየቅ ሁለቱም ዓይነት ታማሚ «አዎ» ይላል። መጠየቅ ያለበት ቆቡ ሳይነካ፣ ዓይኑ ሲንቀሳቀስ ያመው እንደሆነ ነው። ዓይንን የሚያንቀሳቅሱት ጡንቻዎች ከመጋረጃው ኋላ ስለሚገኙ በእንቅስቃሴ ጊዜ የሚሰማ ሕመም የእነዚያን ጡንቻዎች መቆጣት ይጠቁማል። ጥያቄውን የማይመልስ ትንሽ ልጅ ከሆነ፣ የእናቱን ፊት ወይም የሚንቀሳቀስ ነገር ሲከተል ጭንቅላቱን ብቻ እያዞረ ዓይኑን ከማንቀሳቀስ ይቆጠብ እንደሆነ ይታያል።

ሦስተኛው፣ የዓይን መፍጠጥ፣ ከእንቅስቃሴ መገደብና ከዕይታ መቀነስ ጋር፣ ኢንፌክሽኑ ከመጋረጃው ኋላ መሆኑን ለመወሰን የሚያስችል ምልክት ነው። ችግሩ ይህን ምልክት ያበጠው ቆብ ራሱ መሸፈኑ ነው። ቆቡ የተዘጋ ልጅ ነገሮች ሁለት ሆነው ቢታዩት እንኳ አይናገርም፤ ምክንያቱም የሚያይበት በአንዱ ዓይን ብቻ ነው። ዕይታው ቢጠፋም አያውቅም። በካርዱ ላይ «ቆቡ በማበጡ ዓይኑን ማየት አልተቻለም» ተብሎ የተጻፈ እንደሆነ፣ ያ የምርመራ ውጤት ሳይሆን ምርመራው ገና አለመደረጉን የሚገልጽ ዓረፍተ ነገር ነው።

ከዳንግላ የመጣ አንድ ልጅ

የሚከተለው ምሳሌ ለማብራሪያ በጸሐፊው የተዘጋጀ እንጂ የአንድ የተወሰነ ታማሚ ታሪክ አይደለም። በዳንግላ ዙሪያ ካለ የገጠር ቀበሌ የመጣ የስምንት ዓመት ወንድ ልጅ ነው እንበል፤ ክብደቱ 20 ኪሎ ግራም ነው። በመስከረም መጀመሪያ ጉንፋን ያዘው። በዐሥራ አንደኛው ቀን፣ ሰኞ ጠዋት፣ የግራ ዓይኑ ቆብ አብጦ ተነሣ። ማክሰኞ በጤና ጣቢያ የቴትራሳይክሊን ቅባትና አሞክሳሲሊን ተሰጠው። ረቡዕ ትኩሳቱ ቀለል አለ፤ ቤተሰቡም ተጽናና። ዓይኑ ግን ሙሉ በሙሉ ተዘጋ፤ ማታውን ራስ ምታት ተጨመረበት። ሐሙስ ጠዋት እናቱ ወደ ዳንግላ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል አመጡት። ሙቀቱ 37.9 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ወጥመድ አለ። ትኩሳቱ መጠነኛ መሆኑ ሕመሙ ቀላል ነው ማለት አይደለም፤ በከፊል የሠራ አሞክሳሲሊን ትኩሳቱንና የቆዳውን መቅላት ሲቀንስ መግሉ ከአጥንቱ ሥር ሳይነካ ሊቀመጥ ይችላል። የነጭ ደም ሴል ቁጥርም ቢሆን ሁለቱን ሕመሞች በአስተማማኝ ሁኔታ አይለይም። እነዚህን ቁጥሮች እየጠበቁ ምርመራውን ማዘግየት አይገባም።

የጤና መኮንኑ ለልጁ 300 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል፣ ማለትም በኪሎ 15 ሚሊ ግራም፣ ሰጥቶ ጥቂት ይጠብቃል። ከዚያም «እናት፣ ታቅፈው ይያዙልኝ፤ ሳየው እንዳይፈራ» ብሎ ልጁን በእናቱ ጭን ላይ ያስቀምጣል። ቆቡን ከመክፈቱ በፊት ግን ከልጁ ኋላ ቆሞ፣ ከአናቱ በላይ ወደ ታች፣ በግንባሩ መስመር ላይ ሁለቱን ዓይኖች ያስተያያል። የግራው ቆብ ከቀኙ ይልቅ ከቅንድቡ አልፎ ወጥቷል። ይህ ብቻውን አያረካም፤ እብጠት ያለው ቆብም እንዲሁ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ቆቡን መክፈት ያስፈልጋል። የቆብ መያዣ መሣሪያ ከሌለ፣ ሁለት የጥጥ ዘንጎችን በላይኛውና በታችኛው ቆብ ጠርዝ አጠገብ አስቀምጦ ቆቡን በጎድጓዱ አጥንት ላይ እየጠቀለሉ ማራራቅ ይቻላል። ግፊቱ በአጥንቱ ላይ እንጂ በዓይን ኳሱ ላይ ፈጽሞ መሆን የለበትም።

ቆቡ ሲከፈት የሚታየው ይህ ነው። የዓይኑን ነጭ ክፍል የሚሸፍነው ስስ ልባስ ውኃ ቋጥሮ አብጧል። ኳሱ ወደ ፊት ብቻ ሳይሆን ወደ ጆሮው በኩልም ተገፍቷል። ልጁ ጣትን እንዲከተል ሲጠየቅ ቀኝ ዓይኑ በሁሉም አቅጣጫ ይዞራል፤ ግራው ግን ወደ አፍንጫ በኩል ሲመለከት መሃል ላይ ይቆማል፣ ልጁም ያመዋል። ቀደም ብሎ የተጠቀሰው የመግሉ አቀማመጥ አሁን ትርጉም ያገኛል። በአፍንጫ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ የተቀመጠ ነገር ኳሱን ወደ ተቃራኒው ይገፋዋል። ኳሱ ወደ ታችና ወደ ውጭ ተገፍቶ ቢሆን ኖሮ መጠርጠር የነበረበት የግንባሩ ሳይነስ ነበር።

ቀጥሎ የዕይታ ነርቩ ይፈተናል፤ ይህ ክፍል በጥድፊያ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። በመጀመሪያ እያንዳንዱ ዓይን ለብቻው ጣት እንዲቆጥር ይደረጋል፤ ቀኙ በስድስት ሜትር ሲቆጥር ግራው በሦስት ሜትር ብቻ ይቆጥራል። ቀጥሎ ቀይ የመድኃኒት ጠርሙስ ክዳን ለሁለቱም ዓይኖች በየተራ ይታያል። «ቀይነቱ እኩል ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ልጁ በግራው በኩል የደበዘዘ መሆኑን ይናገራል። የቀለም ድምቀት ማነስ የነርቭ መጨቆን ቀደምት ምልክት ነው። በመጨረሻ ክፍሉ ደብዘዝ ይደረግና የባትሪ ብርሃን ከአንዱ ዓይን ወደ ሌላው በየሁለት ሦስት ሴኮንዱ ይዘዋወራል። ብርሃኑ ከቀኙ ወደ ግራው ሲሻገር የሁለቱም ብሌኖች መጥበባቸውን መጠበቅ ነው፤ ይልቁንም ከሰፉ የግራው ነርቭ መልእክቱን ወደ አንጎል በአግባቡ እያደረሰ አይደለም። በምሳሌያችን ልጅ ላይ ብሌኖቹ በጥቂቱ ይሰፋሉ። ይህ ምልክት ልጁ መመለስ የማይችልበት ዕድሜ ላይ ቢሆንም ሊገኝ የሚችል በመሆኑ ለሕፃናት እጅግ ጠቃሚ ነው።

ሕክምናው ከመኪናው በፊት ይጀምራል

ግኝቶቹ ኢንፌክሽኑ ከመጋረጃው ኋላ መሆኑን፣ ምናልባትም መግል መቋጠሩንና ነርቩ መጨቆን መጀመሩን ያመለክታሉ። ልጁ ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል መላክ አለበት። ነገር ግን የመጀመሪያው የመድኃኒት መጠን እዚያው ዳንግላ መሰጠት ይኖርበታል። ሴፍትሪያክሶን በኪሎ 50 ሚሊ ግራም፣ ለዚህ ልጅ 1 ግራም፣ በደም ሥር ወይም ደም ሥር ካልተገኘ በጡንቻ ይሰጣል፤ በየ12 ሰዓቱም ይደገማል። ለስታፊሎኮከስ ክሎክሳሲሊን በኪሎ 50 ሚሊ ግራም በየ6 ሰዓቱ፣ ወይም መድኃኒቱን የተቋቋመ ዘር ከተጠረጠረና በተቀባዩ ሆስፒታል ካለ ቫንኮማይሲን ይታከላል። ልጁ ትልቅ በመሆኑና ሕመሙ ከሳይነስ በመነሣቱ፣ ኦክስጅን በሌለበት የሚኖሩትን ባክቴሪያዎች ለመሸፈን ሜትሮኒዳዞል በኪሎ 7.5 ሚሊ ግራም፣ ማለትም 150 ሚሊ ግራም፣ በየ8 ሰዓቱ በደም ሥር ይጨመራል።

የዕድሜው ነገር አጭር ማብራሪያ ይፈልጋል። በትናንሽ ልጆች ኢንፌክሽኑን የሚያስነሣው ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ነው። ልጁ ዘጠኝና ዐሥር ዓመትን ሲያልፍ ሳይነሶቹ ይሰፋሉ፤ መውጫዎቻቸው ግን በዚያው ልክ አይሰፉም። አየር የማያገኝ ክፍተት ለድብልቅ ባክቴሪያዎች ምቹ ስለሚሆን ሕመሙ ይበልጥ ይጠነክራል፤ ያለ ቀዶ ሕክምና የመዳን ዕድሉም ይቀንሳል። በሌላ በኩል በሕፃናት ላይ የዚህ ሕመም ዋነኛ መንስኤ የነበረው ሄሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛ ዓይነት ቢ ነበር። ኢትዮጵያ ይህን የሚከላከለውን ክትባት በአምስት አንቲጅን ጥምር ክትባት ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2007፣ የኒሞኮካል ክትባትን ደግሞ በ2011 በመደበኛው መርሐ ግብር አስገብታለች። ስለሆነም የሕፃኑ የክትባት ካርድ ለመንስኤው ግምት ይረዳል፤ ክትባት መውሰዱ ግን ሕመሙ የለም ለማለት አያበቃም።

የሳይነስ ራጅ በዚህ ሁኔታ ይታዘዛል፤ አላስፈላጊ ነው ባይ ነኝ። ሳይነሱ መደፈኑን ቢያሳይ፣ ያንን ከአፍንጫው ፈሳሽ አስቀድመን እናውቀዋለን። ከአጥንቱ ሥር ያለውን መግል ግን አያሳይም። የሚያሳየው በደም ሥር በሚሰጥ ማቅለሚያ የሚነሣ ሲቲ ስካን ነው።

ወደ ደቡብ ወይስ ወደ ሰሜን?

በአገራችን የጤና ሥርዓት ሦስት እርከኖች አሉ፤ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ታማሚውን ወደ አጠቃላይ ሆስፒታል፣ እርሱም ወደ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይልካል። በአዊ ዞን ይህ ቅደም ተከተል ከመልክዓ ምድሩ ጋር ይጋጫል። ከዳንግላ ወደ እንጅባራ አጠቃላይ ሆስፒታል የሚወስደው መንገድ በአዲስ ቅዳም በኩል ወደ ደቡብ ነው። የስፔሻሊስት አገልግሎት የሚገኝባት ባሕር ዳር ግን በሰሜን፣ ከዳንግላ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ትገኛለች። በዚያም ፈለገ ሕይወትና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች አሉ። እንጅባራ ደርሶ ወደ ባሕር ዳር የሚላክ ልጅ በመጣበት መንገድ ተመልሶ፣ በዳንግላ አልፎ፣ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከዳንግላ የተነሣው ልጅ በድምሩ ከመጀመሪያው ርቀት እጥፍ መንገድ ይሄዳል ማለት ነው፤ በእያንዳንዱ ሆስፒታል ካርድ ለማውጣትና ወረፋ ለመጠበቅ የሚያልፈው ጊዜ ሳይቆጠር።

ስለዚህ ምርመራው የአቅጣጫ ውሳኔ ነው። የእኔ አቋም የሚከተለው ነው። ዓይኑ የፈጠጠ፣ እንቅስቃሴው የተገደበ፣ ዕይታው የቀነሰ ወይም ብሌኑ በብርሃን ፈተናው ያልተስተካከለ ልጅ ዳንግላ ላይ ከተገኘ የመጀመሪያውን መድኃኒት ወስዶ በቀጥታ ወደ ባሕር ዳር መላክ አለበት፤ አስቀድሞም በስልክ መነጋገር ያሻል። ልጁ የሚያስፈልገው የዓይን፣ የአንገት በላይና የሕፃናት ሐኪም በአንድነት፣ ሲቲ ስካንም በዚያው ቀን ነው። ከእንጅባራ ዙሪያ ለሚመጣ ልጅ ግን ጥያቄው ሌላ ነው፤ መድኃኒቱን ለማስጀመርና ለማረጋጋት አጠቃላይ ሆስፒታሉ ቅርብ ነው፤ መዘግየት የሚመጣው የነርቭ ምልክት ያለበትን ልጅ ለአንድ ሌሊት «ለመከታተል» በማስተኛት ነው። ኢንፌክሽኑ ከመጋረጃው ፊት ብቻ የሆነ ልጅ ደግሞ ወደ የትም መላክ አያስፈልገውም። ዕድሜው ከአንድ ዓመት በላይ ከሆነ፣ ጤንነቱ በአጠቃላይ መልካም ከሆነና ቤተሰቡ በማግስቱ መመለስ ከቻለ፣ በአሞክሳሲሊን ክላቩላኔት ታክሞ በ24 ሰዓት ውስጥ እንደገና ይታያል። ቆቡ ተሞክሮ መክፈት ያልተቻለበት ልጅ በየትኛው ይመደባል? ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ ከመጋረጃው ኋላ እንደሆነ ተቆጥሮ መታከም አለበት።

በማስተላለፊያ ወረቀቱ ላይ «የዓይን ኢንፌክሽን» ብሎ መጻፍ ለተቀባዩ ምንም አይነግረውም። መጻፍ ያለበት የእያንዳንዱ ዓይን ዕይታ በስንት ሜትር፣ የብሌን ሁኔታ፣ የተገደበው እንቅስቃሴ በየትኛው አቅጣጫ፣ የተሰጠው መድኃኒት ከነሰዓቱ ነው። ተቀባዩ ሐኪም ዕይታው በመንገድ ላይ መቀነሱን ሊያውቅ የሚችለው የመነሻው ቁጥር ሲኖረው ብቻ ነው።

የቻንድለር አምስት ክፍሎችና የቢላዋው ጥያቄ

ቻንድለርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1970 ያቀረቡት ምደባ እስከ ዛሬ ያገለግላል። ከመጋረጃው ፊት ያለ እብጠት፣ በጎድጓዱ ሥጋ ውስጥ የተሰራጨ ኢንፌክሽን፣ ከአጥንት ልባስ ሥር የተቋጠረ መግል፣ በጎድጓዱ ውስጥ የተቋጠረ መግል፣ በመጨረሻም ከጎድጓዱ ኋላ በአንጎል ሥር ባለው ካቨርነስ በሚባለው የደም መላሽ ቋት ውስጥ የሚረጋ ደም። ምደባው ለመግባቢያ ጥሩ ነው፤ ግን ብዙ ተማሪዎች እንደ ደረጃ መሰላል ይረዱታል። ልጁ አንድን ሳያልፍ ሦስት ላይ ሊገኝ ይችላል። «ገና አንደኛው ላይ ነው፤ ነገ እናያለን» የሚለው ስሌት መሠረት የለውም። ወደ አምስተኛው መሻገሩን የሚያመለክተው የሌላኛው ዓይን ማበጥና መፍጠጥ፣ የንቃት መቀነስና ተደጋጋሚ ማስመለስ ነው። እነዚህ ሲታዩ ጉዳዩ የዓይን ብቻ መሆኑ አብቅቷል።

ሲቲ ስካን መግል ባሳየ ቁጥር ቀዶ ሕክምና ይደረጋል ማለትም አይደለም። ጋርሲያና ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ሥራ፣ ዕድሜያቸው ከዘጠኝ ዓመት በታች የሆኑ፣ መግሉ አነስተኛና በአፍንጫ በኩል የሆነ፣ የግንባር ሳይነስ ያልተነካባቸውና የዕይታ ነርቭ ምልክት የሌለባቸው ልጆች በቅርብ ክትትል በመድኃኒት ብቻ ሊድኑ እንደሚችሉ አሳይተዋል። ክትትሉ ግን እውነተኛ ክትትል መሆን አለበት። ዕይታና ብሌን በየጥቂት ሰዓታቱ ሌሊትም ጭምር ይታያሉ፤ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ መሻሻል ካልታየ ወይም በመካከሉ ዕይታ ከቀነሰ መግሉ ይወጣል። የምሳሌያችን ልጅ ዕድሜው ከዘጠኝ በታች ነው፤ መግሉም በአፍንጫ በኩል ነው። ይሁን እንጂ ብሌኑ የነርቭ መጨቆንን ስላሳየ ከዚህ ምድብ ይወጣል። ለእርሱ መግሉን ማውጣት፣ በአፍንጫ በኩል በኢንዶስኮፕ ወይም በዓይኑ ጥግ በሚደረግ ቀዳዳ፣ የዚያው ቀን ሥራ ነው።

ከኢንፌክሽን ውጭ ዓይንን የሚያስፈጥጡ ሕመሞች እንዳሉም መዘንጋት አይገባም። ያለ ትኩሳትና ያለ ጉንፋን፣ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ዓይኑ እየፈጠጠ የመጣ ልጅ ዕጢ ሊኖረው ይችላል። በተለይ ከአምስት ዓመት በታች በሆነ ልጅ ብሌን ላይ ነጭ ነጸብራቅ ከታየ ሬቲኖብላስቶማ መጠርጠር አለበት። ራብዶማዮሳርኮማ ደግሞ አንዳንዴ ቆቡን አቅልቶ ኢንፌክሽን ይመስላል፤ በደም ሥር በሚሰጥ መድኃኒት በሁለት ቀን ያልተሻለው «ኢንፌክሽን» ከመግል ሌላ ይህንንም ያሳስባል።

ልጁ ተሽሎት ሲወጣ ሕክምናው በሚዋጥ መድኃኒት እንደ ሁኔታው በአጠቃላይ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይቀጥላል። ቤተሰቡ ወደ ገጠር ሲመለስ የመድኃኒቱ ቀሪ መጠን ሙሉ በሙሉ በእጁ መሰጠት አለበት፤ የአካባቢው ጤና ጣቢያም ወረቀቱን ሲቀበል የሚያደርገው ቀላል ሥራ ነው። በሳምንቱ ልጁን ጠርቶ እያንዳንዱን ዓይን ለብቻው ሸፍኖ ጣት ያስቆጥረዋል፣ ቀዩን ክዳን ያሳየዋል፣ ውጤቱን ከመነሻው ቁጥር ጋር ያስተያያል። ቀይነቱ አሁንም በአንዱ በኩል የደበዘዘ ከሆነ፣ ቆቡ ሙሉ በሙሉ ቢጎድልም ልጁ ወደ ዓይን ሐኪም ይመለሳል።